ሌላ ፎቶግራፈር ከሥራው በታች ሊለጥፈው የማይችል ካፕሽን፦ የአንድ የሠርግ ፎቶ ጽሑፍ ከመነሻ እስከ መጨረሻ

የሠርግ ፎቶግራፈሮችን ገጽ አከታትላችሁ ብትከፍቱ ፎቶዎቹ ይለያያሉ፤ ከሥራቸው ያለው ጽሑፍ ግን ሁሉንም አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። «ሁለት ልቦች አንድ የሆኑበት ቀን»፣ «የማይረሳ ትዝታ»፣ «ህልም እውን ሲሆን»፣ «የዘላለም ጉዞ ተጀመረ»። ለመጋባት የወሰኑ ጥንዶች ፎቶግራፈር በሚመርጡበት ሰሞን ብዙ ገጽ ያገላብጣሉ። እነዚህን ሐረጎች ደጋግመው ካዩ በኋላ ዓይናቸው ዘሏቸው ያልፋል።

ቃላቱ አስቀያሚ ሆነው አይደለም። ፎቶው ቀድሞ የተናገረውን ስለሚደግሙ ነው። ሙሽሮቹ እንደሚዋደዱ፣ ቀኑ የደስታ ቀን እንደነበር ፎቶው ራሱ ያሳያል። የማያሳየው ሌላ ነገር አለ፦ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ምን ሆኖ ነበር? ፎቶግራፈሩ የት ቆሞ ምን አለ፣ ምንስ ሳይል ዝም አለ? ያ ቀን ሲበላሽ ማን አስተካከለው? ጥንዶቹ ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ማወቅ የሚፈልጉት ይህንን ነው፤ የካፕሽን ሥራም ይህንን መንገር ነው።

ለአንድ የፖርትፎሊዮ ፎቶ አንድ ካፕሽን ከባዶ ገጽ ተነስተን እንጽፍ። ለማሳያ የምንይዘው ፎቶ የሚከተለው ይሁን። ጠባብ ኮሪደር ነው። ከግራ በኩል ከመስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን አለ። ሙሽሪት የሙሽራውን ከረባት በሁለት እጇ ይዛ ታቃናለች፤ እሱ ቁልቁል እያያት ይስቃል። ከጀርባቸው ግራጫ ግድግዳ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ፎቶው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ጽሑፍ ካልታከለበት ከብዙ መሰሎቹ አይለይም።

1. ካፕሽን የሚገባውን ፎቶ መለየት

ሁሉም ፎቶ ረጅም ጽሑፍ አይፈልግም። ሁሉን ነገር በራሱ የሚናገር ፎቶ አለ፤ አባት ልጃቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ የሚያሳይ ፎቶ ሥር ሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ስሜቱን መሸፈን ነው። እንዲህ ላለው አንድ መስመር፣ አንዳንዴም ምንም አለመጻፍ ይበቃዋል።

ካፕሽን ብዙ የሚጨምርለት ፎቶ ተመልካቹ አይቶት «እዚህ እንዴት ደረሱ?» የሚልበት ነው። የእኛ ኮሪደር እንደዚያ ነው። ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን ባዶ ኮሪደር ውስጥ ምን ይሠራሉ? የፎቶ ቦታ ጠፍቶ ነው? ይህ ጥያቄ በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ካለ መልሱን ለመስማት ይቆያል፤ ከሌለ ግን የጻፋችሁት ምንም ያህል ቢያምር የሚያነበው የለም። አንድ ፎቶ መምረጥ ካቃታችሁ ለሙያው ሩቅ ለሆነ ሰው አሳዩትና የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሆነ ስሙ። «ቆንጆ ነው» ብሎ ካለፈ ሌላ ፎቶ አሳዩት።

2. እውነታውን መሰብሰብ፤ ከመጻፍ በፊት

እኔ እንደማየው አብዛኛው ካፕሽን የሚደርቀው ጸሐፊው ቃል ስላጣ አይደለም። የሚጽፈው እውነታ ስለሌለው ነው። እውነታ ሲጠፋ ቦታውን ቅጽል ይሞላዋል፦ ውብ፣ ድንቅ፣ ልዩ፣ አስደናቂ። ስለዚህ ከጽሑፉ በፊት መረጃ መያዝ ያስፈልጋል፤ የሚሻለውም ዕለቱን ነው። ሥራ ጨርሳችሁ ዕቃ ስትሸከፉ ስልካችሁን አውጡና ለሁለት ደቂቃ በድምፅ ተናገሩ፦ ምን ዘገየ፣ ማን ምን አለ፣ ቦታው ለምን ተቀየረ፣ ምን ሸተተ፣ ምን ተሰማ። ቃል በቃል የሰማችሁትን ንግግር በተለይ ያዙ፤ በሳምንቱ ትዝ የሚላችሁ ሐሳቡ ብቻ ነው፤ የተነገረበት ቃል ይጠፋል።

ሠርጉ ካለፈ ቆይቶ ከሆነ ደግሞ ማስረጃው ፎቶዎቹ ውስጥ አለ። ካሜራው እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳበትን ሰዓት በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል። የመረጣችሁትን ፎቶ ብቻ አትክፈቱ፤ ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉትን፣ የጣላችኋቸውንም ጭምር በቅደም ተከተል እዩ። በምሳሌያችን ኮሪደሩ ውስጥ በተነሳው የመጀመሪያ ፎቶና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት 9 ደቂቃ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ሙሽራው ትከሻውን ወደ ላይ ሰብስቦ ካሜራውን ያያል፤ ከአራተኛው ደቂቃ በኋላ ትከሻው ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ማስታወስ አይቻልም፤ ፋይሉ ግን ያሳያል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የካሜራው ሰዓት በትክክል ተሞልቶ ላይሆን ስለሚችል በፎቶዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት እመኑ፤ የሚያሳየውን ሰዓት ግን ከስልክ ፎቶ ጋር ሳታመሳክሩ አትጻፉት።

ቀጥሎ ሙሽሮቹን ጠይቁ። «ስለ ቀኑ ምን ተሰማችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመጣው መልስ «በጣም ደስ የሚል ነበር» ነው። ጥያቄው ጠባብ ይሁን፦ «ኮሪደሩ ውስጥ ከረባቱን ስታቃኚለት ምን አልሽው?» ለዚህ የሚመጣው መልስ የካፕሽኑ ልብ ሊሆን ይችላል።

በምሳሌያችን ያገኘነው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ 40 ደቂቃ ዘግይቷል። ለሁለቱ ብቻ የታሰበው ፎቶ ከአዳራሹ ራቅ ብሎ ባለ የአትክልት ስፍራ ነበር የታቀደው። የቀረው ጊዜ 10 ደቂቃ ነበር። ሙሽራው ካሜራ ፊት መቆም እንደማይሆንለት ከወራት በፊት ተናግሯል። ኮሪደሩ ውስጥ የሰሜን ብርሃን የሚያስገባ መስኮት ነበር። ፍላሽ አልተጠቀምንም። 85 ሚሊሜትር ሌንስ ይዘን ራቅ ብለን ቆምን። እሷ «አሁን ተንፍስ፤ ማንም የለም» አለችው። ስምንት እውነታዎች ናቸው። አብዛኞቹ ካፕሽኑ ውስጥ አይገቡም፤ የትኞቹ እንደሚቀሩ የሚወስነው ቀጣዩ ሥራ ነው።

3. የትኛውን የጥንዶች ስጋት እንደምትመልሱ መወሰን

ብዙ ፎቶግራፈሮች ጥንዶች ውበት ፍለጋ ወደ ገጻቸው እንደሚመጡ ያስባሉ። ውበቱ ወደ ገጹ ያስገባቸዋል፤ መልእክት ከመላክ የሚያግዳቸው ግን ስጋት ነው። ስጋቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፤ ከዚህ በፊት የደረሷችሁን የደንበኛ መልእክቶች ክፈቱና ጥያቄዎቹን ብቻ በወረቀት ላይ ገልብጡ። ጥቂት ጥያቄዎች በተለያየ ቃል እየተደጋገሙ ታገኛላችሁ። «እኛ ፎቶ ላይ አናምርም፣ ምን እናድርግ?»፣ «ዝናብ ቢዘንብስ?»፣ «አዳራሹ ጨለማ ነው፣ ይወጣል ወይ?»፣ «የቤተሰብ ፎቶ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»፣ «ፕሮግራሙ ቢዘገይ ፎቶው ይቀራል?»፣ «ቀኑን ሙሉ እዚህ ቁሙ እዚያ ቁሙ እየተባልን ነው የምንውለው?»

አንድ ካፕሽን ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይመልስ። የእኛ ፎቶ ሁለት ሊመልስ ይችላል፦ የጊዜ ማጠርንና የሙሽራውን ዓይን አፋርነት። ሁለቱን መጨመር ያጓጓል፤ ግን አንባቢው የቱን ይዞ እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። እኔ ጊዜውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ባዶው ኮሪደር የሚያስነሳውን «እዚህ ምን ይሠራሉ?» የሚል ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው እሱ ነው። ዓይን አፋርነቱ ለሌላ ፎቶ ይቀመጣል። በዚያ ላይ እሱ የግል ነገር ነው፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

ይህን ስትወስኑ ስምንቱ እውነታዎች ወዲያው ይበጠራሉ። የሌንሱ 85 ሚሊሜትር ይወጣል። የሰሜን ብርሃንም ይወጣል። እነዚህ ሌላ ፎቶግራፈርን ይስባሉ እንጂ ሊጋቡ ያሉ ሰዎችን አይስቡም። የቴክኒክ ነገር ካፕሽን ውስጥ ቦታ የሚኖረው ለሙሽሮቹ ያስገኘላቸው ነገር አብሮ ሲነገር ነው፤ ለምሳሌ ጨለማ አዳራሽን በሚመለከት ፎቶ ላይ «ፍላሹን አጥፍቼ ስለሠራሁ ንግግር የሚያደርጉት አያት አንድም ጊዜ ዞር አላሉም» ማለት ይቻላል። «አይ.ኤስ.ኦ. 3200» ብቻውን ግን ለጥንዶች ምንም አይነግርም።

4. መጻፍ፤ ሦስት ረቂቅ

የመጀመሪያው ረቂቅ እጅ የለመደው ስለሆነ ሳናስበው ይመጣል፦

> የፍቅር ሰዓት የሚቆምባት ቅጽበት። እነዚህ ውብ ሙሽሮች በልዩ ቀናቸው ያሳዩንን ፍቅር በካሜራችን ለማስቀረት በመታደላችን ደስ ብሎናል። የእናንተንም የማይረሳ ቀን ለማስቀረት ይደውሉልን!

ይህን ጽሑፍ ከኮሪደሩ ፎቶ አንስታችሁ በባሕር ዳርቻ ፎቶ ሥር ብትለጥፉት ምንም አይጎድለውም። ዋናው መፈተኛ ይኸው ነው፦ ካፕሽኑን በአንድ ሌላ ፎቶግራፈር ሌላ ፎቶ ሥር በሐሳባችሁ አስቀምጡት። ካልተቃወመ የእናንተ አይደለም። ሌላም እንከን አለው። «በመታደላችን»፣ «ደስ ብሎናል»፣ «በካሜራችን» እያለ ስለ ጸሐፊው ያወራል፤ በመጨረሻም «የእናንተን» ብሎ ጀምሮ «ይደውሉልን» በማለቱ አጠራሩ ተዘበራርቋል። ለጥንዶች ስትጽፉ «እናንተ» ብላችሁ ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው በ«እናንተ» ዝለቁ።

ሁለተኛው ረቂቅ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሄዳል፤ እውነታ ሰብስበናልና ሁሉንም እንዘረግፈዋለን፦

> የዛን ቀን ፕሮግራሙ 40 ደቂቃ ዘግይቶ ስለነበር፣ ወደ አትክልት ስፍራው ለመሄድ አስበን የነበረ ቢሆንም፣ ሙሽራው ደግሞ ካሜራ ፊት መቆም ስለሚከብደው፣ የሰሜን ብርሃን የሚገባበት መስኮት ያለው ኮሪደር አግኝተን፣ ያለ ፍላሽ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ራቅ ብለን ቆመን ሳለን ሙሽሪት ከረባቱን አቃናችለት።

ይህ የማንም ሊሆን አይችልም፤ መፈተኛውን ያልፋል። ግን አይነበብም። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው ስድስት ነገር ተሸክሞ ነው ከረባቱ ጋ የሚደርሰው። አማርኛ ብዙ ሐረግ በአንድ ግስ ላይ ማንጠልጠል ይፈቅዳል፤ ስልክ ይዞ ገጽ የሚያገላብጥ ሰው ግን ያን ያህል አይታገሥም። መድኃኒቱ ነጥብ ማብዛት ነው፦ አንድ ክንውን፣ አንድ ግስ፣ አራት ነጥብ።

ሦስተኛው ረቂቅ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ያተኩራል። ኢንስታግራም ላይ አንድ ካፕሽን እስከ 2,200 ፊደል መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን አንባቢው «ተጨማሪ» የሚለውን ካልነካ በቀር የሚታየው የመጀመሪያው 125 ፊደል ገደማ ነው፤ እንደ ስልኩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። በአማርኛ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ በዚያ ቦታ ከ20 ቃል በላይ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ጥሩ ዕድል ነው። ያም ሆኖ ቦታውን በሰላምታ ወይም በሙሽሮች ስም አትጨርሱት። የሚያስቸግረው ነገር መጀመሪያ ይምጣ፤ ችግሩ እንዴት እንደተፈታ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ቀሪውን ይከፍታል።

> ፕሮግራሙ ዘግይቶ ለሁለቱ ፎቶ የቀረን 10 ደቂቃ ብቻ ነበር። አትክልት ስፍራው ደርሶ መመለስ ግማሹን ይበላዋል፤ ስለዚህ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ኮሪደር፣ መስኮቱ አጠገብ አቆምኳቸውና ራቅ አልኩ። ከረባቱን እያቃናችለት «አሁን ተንፍስ፤ ማንም የለም» አለችው። ይህ ፎቶ የዚያን ጊዜ የተነሳ ነው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር 40 ፊደል ገደማ ነው፤ ሁለተኛውም ከመቆረጡ በፊት ይጀምራል። አንባቢዋ «10 ደቂቃ ብቻ» የሚለውን አንብባ ቀና ብላ ፎቶውን ታያለች፤ ሙሽራው ሲስቅ ታያለች። «ፕሮግራም ቢዘገይም ይህ ሰው አይደነግጥም» የሚለውን ድምዳሜ ራሷ ትደርስበታለች። ጸሐፊው «በማንኛውም ሁኔታ በብቃት እንሠራለን» ብሎ ቢጽፍላት ኖሮ አታምነውም ነበር።

«ራቅ አልኩ» የሚለውን ልብ በሉት። የፎቶግራፈሩን አሠራር በሁለት ቃል ይናገራል፤ ቀኑን ሙሉ እየተመሩ መዋል የማይፈልጉ ጥንዶች ይገባቸዋል። የሙሽራው ዓይን አፋርነት አልተነገረም፤ ግን «አሁን ተንፍስ» ውስጥ አለ፤ እንዲህ ተሸፍኖ መቅረቱም ጠቅሞታል።

5. መቁረጥ

ሦስተኛውን ረቂቅ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ የሚያጥርበት ቦታ ካለ እዚያ ዓረፍተ ነገሩን ስበሩት። ከዚያ በቅጽሎቹ ላይ ዝመቱ። የቀረን አንድ ነው፤ «ጠባብ»። እሱ መቆየት አለበት፤ ምክንያቱም መረጃ ነው፤ ቦታው ምቹ እንዳልነበር ይነግራል። «ውብ» ቢሆን ኖሮ ይወጣ ነበር፤ ውበቱን ፎቶው ያሳያል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ያጠራጥራል። «ይህ ፎቶ የዚያን ጊዜ የተነሳ ነው» አስፈላጊ ነው? ንግግሯን አንብቦ ፎቶውን የሚያይ ሰው ራሱ ያገናኘዋል። እኔ አወጣዋለሁ። በንግግሯ ላይ ቢያበቃ የተሻለ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ግብዣው ብቻ ነው።

የአክብሮት አጠራሩንም በዚሁ ንባብ ፈትሹ። ሙሽሮቹን «እሷ» እና «እሱ» ብሎ መጻፍ የለመደ ነው፤ ወላጅ ወይም አያት ሲመጡ ግን ወደ አንቱታ መዞር አለበት። «አባቷ በር ላይ ቆሞ» ብሎ የጻፈ ፎቶግራፈር ሳያስበው የቤተሰቡን ሽማግሌ ዝቅ አድርጓል፤ ጥንዶቹ ባይቀየሙ እንኳ ካፕሽኑን ለእናት ለአባታቸው አያሳዩም። ወላጆች ደግሞ በብዙ ሠርግ ከውሳኔው ጀርባ አሉ።

6. ፈቃድ፣ እና ጥፋቱ የማን እንደሆነ አለመናገር

ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ክፍል ነው፤ ጣጣውም ከዚህ ይመጣል። ውላችሁ ፎቶውን ፖርትፎሊዮ ላይ እንድታወጡ ይፈቅድ ይሆናል፤ ያ ግን ሙሽሪት በኮሪደር ውስጥ ለባሏ የተናገረችውን ለሕዝብ እንድታወጡ ፈቀደች ማለት አይደለም። ፎቶው ሌላ፣ ታሪኩ ሌላ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ጽሑፍ እንዳለ ላኩላቸው፦ «ይህን ከፎቷችሁ በታች ላወጣው አስቤያለሁ፤ የሚቀየር ወይም የሚወጣ ነገር ካለ ንገሩኝ።» ጥያቄው ጽሑፉን ሳይዝ «ስለ እናንተ ልጻፍ?» ብቻ ከሆነ የሚሰጣችሁ «እሺ» ዋጋ የለውም፤ ለምን እሺ እንዳሉ አያውቁም።

ሙሽራው ካሜራ እንደሚፈራ የነገራችሁ በምክክር ጊዜ ነው፤ ለአገልግሎቱ ብሎ የነገራችሁን ነገር ለማስታወቂያ ማዋል አይገባም። እሱ ራሱ «ጻፈው፣ ብዙ እንደኔ ያለ ሰው አለ» ካላላችሁ በቀር ይቅር። የሕመም፣ የሞት፣ የቤተሰብ ጠብ ነገር ደግሞ ተፈቅዶም ቢሆን ሁለት ጊዜ አስቡበት። የልጆች ስምና የሙሽሮቹ ሙሉ ስም ለካፕሽኑ ምንም ስለማይጨምር ባይገባ ይሻላል።

እምቢ ቢሉስ? ንግግሩን አውጡና የእናንተን ሥራ ብቻ አስቀሩ፦ ጊዜው አጠረ፣ ቦታ ቀየርን፣ መስኮት አጠገብ ቆሙ፣ እኔ ራቅ አልኩ። ይቀዘቅዛል፤ ግን አሁንም የዚህ ፎቶ ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ፕሮግራሙ ዘግይቶ» እንምጣ። ማን አዘገየው? ምናልባት ሜካፕ የሠራችው ባለሙያ፣ ምናልባት ሹፌሩ፣ ምናልባት የሙሽራው ቤተሰብ። ካፕሽኑ ይህን አይናገርም፤ መናገርም የለበትም። ሙሽሮቹ ያ ጽሑፍ በወዳጆቻቸው ፊት እንደሚነበብ ያውቃሉ። በሠርግ ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎችም ደንበኛ እርስ በርስ ይላላካሉ፤ አንዷን በአደባባይ የወቀሰ ፎቶግራፈር የላከችለትን ደንበኛ የመጨረሻ ያደርገዋል። ዓረፍተ ነገሩ ችግሩን ይናገር፤ ባለቤቱን አይጥራ።

በሞዴሎች ለናሙና የተነሳ ፎቶ ከሆነ ደግሞ እንደ እውነተኛ ሠርግ አድርጎ ታሪክ መፍጠር ማታለል ነው። «ለናሙና የተነሳ» ብላችሁ ጻፉና ስለ ብርሃኑ ወይም ስለ ቦታው ተናገሩ። በፍጹም ያልተባለ ንግግር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አታስገቡ።

7. የመጨረሻው መስመር

«ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» ካፕሽኑ የገነባውን ሁሉ ያፈርሰዋል፤ ስለ አንድ ኮሪደር ሲያወራ የነበረ ሰው ድንገት ማስታወቂያ ይሆናል። ግብዣው ካፕሽኑ ካነሳው ስጋት ይፍለቅ። የእኛ ስለ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ፦

> የእናንተም ፕሮግራም ጠባብ ከሆነ የሰዓት ዝርዝሩን ላኩልኝ፤ ፎቶው የት እንደሚገባ አብረን እናያለን።

ይህ ግብዣ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ ጥንዶቹ ምን ብለው መጻፍ እንደሚጀምሩ ይነግራቸዋል፤ ብዙ ሰው መልእክት የማይልከው ምን እንደሚል ስለሚጨንቀው ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ መልእክታቸው «ዋጋ ስንት ነው?» ከሚል ይልቅ የቀናቸውን ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ እናንተም የምትመልሱት የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ምክር ይሆናል። ግን ቃላችሁን መፈጸም የምትችሉትን ብቻ ጋብዙ። የሰዓት ዝርዝር የላከ ሁሉ መልስ ይጠብቃል፤ በሠርግ ወቅት ያን ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ ቀለል ያለ ግብዣ ጻፉ።

በሁሉም ፎቶ ሥር ግብዣ መኖር የለበትም። ፖርትፎሊዮው 20 ፎቶ ካለው በአምስት ወይም በስድስቱ ላይ ይበቃል። የቀሩት በታሪካቸው ያብቁ።

8. ማስቀመጫው

የራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ ሁሉም ሰው ከፎቶው ሥር የሚያየው ካፕሽን ነው። ሌላው `alt` የሚባለው ነው፤ እሱን ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ገጹን የሚያነብላቸው ፕሮግራም ይጠቀምበታል፤ ፎቶው ሳይከፈት ሲቀርም በቦታው ይታያል። ካፕሽኑ ፎቶው ላይ የሌለውን ይናገራል፤ `alt` ደግሞ ፎቶው ላይ ያለውን ይገልጻል። አንዱን ገልብጦ በሌላው ቦታ መለጠፍ ሁለቱንም ያበላሻል።

```html
<figure>
  <img src="corridor-window.jpg"
       alt="ሙሽሪት በመስኮት ብርሃን የሙሽራውን ከረባት ስታቃና">
  <figcaption>ፕሮግራሙ ዘግይቶ ለሁለቱ ፎቶ
  የቀረን 10 ደቂቃ ብቻ ነበር። …</figcaption>
</figure>
```

ጉግል ፎቶን ሲፈልግ `alt`ንም ካፕሽኑንም በዙሪያው ያለውን ጽሑፍም ያነባል። ይህን ሰምቶ «ምርጥ የሠርግ ፎቶግራፈር፣ የሠርግ ፎቶ ዋጋ፣ የሠርግ ቪዲዮ» እያለ የሚደረድር አለ። ያን የሚያነበው ሰው ነው፤ ወዲያውም ይሸሻል። ቦታ መጥቀስ ከፈለጋችሁ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይግባ፤ «ከአዳራሹ ጀርባ» ያልነውን የአዳራሹን ስም ይዞ መጻፍ ይቻላል፤ እዚያው አዳራሽ የሚያገቡ ሌሎች ጥንዶች ይፈልጉታልና። ነገር ግን የእኛ ታሪክ መዘግየትን ስለሚያነሳ አንባቢ አዳራሹን ጥፋተኛ እንዳያደርግ በዚህ ካፕሽን ላይ ስሙን አልጠራውም።

9. መሥራቱን ማወቅ

የምላሹን ብዛት አትቁጠሩ፤ ማን እንደመለሰ እዩ። ከፎቶው ሥር «ብርሃኑ!»፣ «የትኛው ሌንስ ነው?» የሚሉ አስተያየቶች ከበዙ ያናገራችሁት የሙያ ጓደኞቻችሁን ነው። ሊጋቡ ያሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በአደባባይ አስተያየት አይጽፉም፤ ፎቶውን ለእጮኛቸው ይልካሉ ወይም ያስቀምጡታል። ኢንስታግራም የንግድ መለያ ካላችሁ አንድ ፎቶ ስንት ጊዜ እንደተላከና እንደተቀመጠ ያሳያችኋል፤ ከልብ ምልክቱ ይልቅ ይህን ተመልከቱ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን የመጀመሪያው መልእክት ቃል ነው። «የኮሪደሩን ፎቶ አይተን…» ወይም «የኛም ፕሮግራም ጠባብ ነው…» ብሎ የሚጀምር መልእክት ከደረሳችሁ ካፕሽኑ ሠርቷል። ፎቶውን እየጠቀሱ የሚጠይቁት ግን ስለ ሌላ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ «ባለቤቴ ካሜራ ይፈራል፣ እንዴት አሳቃችሁት?» እያሉ ደጋግመው ከመጡ፣ አንባቢዎቹ ፎቶው ውስጥ ያዩት ስጋት እናንተ ከመረጣችሁት ይለያል ማለት ነው። ካፕሽን ከወጣ በኋላም ይስተካከላል። ወደ ስምንቱ እውነታዎች ተመለሱ፣ ሙሽራውን ፈቃድ ጠይቁ፣ እና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከእሱ ትከሻ ጀምራችሁ እንደገና ጻፉት።